ተያይተው የማያውቁ ባልደረቦች ስንብት

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሲለቅ ስንብቱ የተሰናባቹ ብቻ ሥራ አይደለም። ገንዘብ ይዋጣል፣ ኬክ ይመጣል፣ አለቃው ሁለት ቃል ይናገራል፣ ፎቶ ይነሣሉ። ተሰናባቹ አንደበተ ርቱዕ ባይሆንም አይጎዳም፤ ንግግሩ መሐል ሲጨነቅ አጠገቡ ያለው ይቀልድለታል፤ ሳይናገረው የቀረውን ደግሞ በር ላይ ሲተቃቀፉ ይጨርሱታል። ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ሦስት ዓመት አብረውት የሠሩት ሰዎች ረጅም ይሁኑ አጭር አያውቅም። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ የሥራ ኢሜይሉ ይዘጋል፤ ስላክ ላይ የነበረው አካውንቱም ይቋረጣል። ባልደረቦቹ የቀድሞ መልእክቶቹን ማንበብ ይችላሉ፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ የሚጻፍለትን አያይም።

ብዙ ቡድኖች ይህን ክፍተት ለመሙላት በዙም ወይም በጉግል ሚት የመሸኛ ስብሰባ ይጠራሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ስብሰባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ይሆናል። በመሸኛ ምሳ ላይ ሃያ ሰው ቢሰበሰብ ሁለትም ሦስትም እየሆነ ያወራል፤ ተሰናባቹም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ይላል። በቪዲዮ ስብሰባ የሚሰማው በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ለአንዱ ብቻ የሚነገረው ነገር ሁሉም ፊት መነገር አለበት፤ ስለዚህ ሳይነገር ይቀራል። ግማሹ ካሜራውን አጥፍቷል፣ የአንዱ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም በየተራ «መልካም ዕድል» ብሎ ይወጣል። ስብሰባው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ዋናው ነገር ግን በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው የተዋወቁት በጽሑፍ ነውና።

ጽሑፉ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ቡድን በሐሳባችን እናቋቁም። አምስት ሆነው የጤና መረጃ ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ፤ የክትባት ማስታወቂያ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ፣ ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ። አንዷ ተርጓሚ ባሕር ዳር ናት። ሁለተኛዋ እስራኤል፣ ነታንያ ትኖራለች። አርታኢው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሥራ የሚያከፋፍለው አስተባባሪ ስቶክሆልም ነው ያለው። የመጨረሻውን ንባብ የሚያነቡት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉት እንኳ፣ በአንድ አገር እየኖሩ፣ ተገናኝተው አያውቁም። አሁን የባሕር ዳሯ ተርጓሚ ሌላ ሥራ አግኝታ ልትለቅ ነው። የመጨረሻ ቀኗ ዓርብ ነው።

መጀመሪያ እጇ ላይ የሚመጣላት ሁላችንም የምናውቀው ነው፦

«ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ከእናንተ ጋር በመሥራቴ ከፍተኛ ደስታና ኩራት ይሰማኛል። ከእናንተ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ለድጋፋችሁ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ያስቀየምኳችሁ ነገር ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግንኙነታችን ወደፊትም እንዲቀጥል እመኛለሁ።»

ሰዋስው አልጎደለውም፣ ጨዋነትም አልጎደለውም። ግን ቃል ሳይለወጥ ለባንክ ቅርንጫፍም፣ ለመኪና ዕቃ መሸጫም፣ ለክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤትም ሊነበብ ይችላል። ፊት ለፊት ቢሆን ይህ አይጎዳም ነበር፤ የአንባቢዋ እንባ ወይም ሳቅ ይሞላዋል። እዚህ ግን አራቱ ሰዎች የሚደርሳቸው እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። «ብዙ ነገር ተምሬያለሁ» የሚለውን ያነበበ ሁሉ «ከእኔስ ምን ተማረች?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ግን አያገኝም።

መልሱን ከጭንቅላት ብቻ ማውጣት ያስቸግራል። ትዝታ ቅርብ የሆነውን ያገንናል፤ ባለፈው ወር የተሠራው ሥራ የመጀመሪያውን ዓመት ይሸፍነዋል። በርቀት የሚሠራ ቡድን ግን ቢሮ ውስጥ የማይገኝ አንድ ሀብት አለው፦ ያለፈው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ስለዚህ ስንብቱን ከመጻፍ በፊት አካውንቱ ሳይዘጋ መዝገቡን መገልበጥ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ባልደረባ ስም ስላክ ወይም ኢሜይል መፈለጊያ ላይ ጽፎ፣ መጀመሪያ የተለዋወጡትን መልእክት ማየት። ከዚያ ረጅም ክርክር የተደረገበትን ማየት። ከዚያ የርክክብ ቀን ዋዜማ ሌሊት የተጻፈውን። በፋይሎቹ ጠርዝ ላይ የቀሩትን አስተያየቶችም። የሚፈለገው ሰውየው ደግ የነበረበት ጊዜ አይደለም፤ እሱ በመኖሩ ሥራችሁ የተለወጠበት ጊዜ ነው።

ተርጓሚያችን ስትፈልግ በመጀመሪያው ዓመት የሠሩትን የክትባት ማስታወቂያ ታገኛለች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ክትባቱ የሚጀመረው 9:00 ላይ፣ ጠዋት ነው ይላል። እሷ «ጠዋት 9 ሰዓት» ብላ ተረጎመችው። የነታንያዋ ባልደረባ ጠርዙ ላይ እንዲህ ጻፈችበት፦ «እናቴ ይህን ብታነብ ከሰዓት በኋላ ነው የምትሄደው፤ ለእሷ 9 ሰዓት ያ ነው።» «3 ሰዓት» ይባል ተባለ። አርታኢው ደግሞ ከሜሪላንድ፣ እዚያ ያደጉት ልጆች ይህን አይተው ወላጆቻቸውን ከሰዓት በኋላ ይወስዷቸዋል አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በመጨረሻ የተስማሙት የኢትዮጵያውም የአገሩም ሰዓት ጎን ለጎን እንዲጻፍ ነው፤ ያ ውሳኔ ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ደንብ ሆኖ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠሩበት ኖረው ከየት እንደመጣ ሁሉም ረስተውታል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደብዳቤው ራሱን ይጽፋል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ለሁላችሁ፤

ዓርብ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ነው። በሚመጣው ወር እዚሁ ባሕር ዳር ማስተማር እጀምራለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት የክትባት ማስታወቂያው ላይ ‹ጠዋት 9 ሰዓት› ብዬ ጽፌ ነበር። ከነታንያ ‹እናቴ ይህን ብታነብ ከሰዓት በኋላ ነው የምትሄደው› የሚል አስተያየት መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የማስበው እኚህን እናት ነው። አላውቃቸውም፤ ግን ያልገባቸው ሲመስለኝ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እጀምራለሁ።

የስምምነት ቅጹን እየሠራሁ መብራት ሄዶ እስከ ማግሥቱ ሳይመጣ የቀረ ጊዜ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ስመለስ የቀሩት አራት ገጾች ሜሪላንድ ላይ ተሠርተው፣ ስቶክሆልም ደግሞ ከሆስፒታሉ አንድ ቀን ጨምሮልን አገኘሁ። ማንም ያንን ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

መምህራችን እርማታቸውን በድምፅ ይልኩልኝ ነበር። ዓረፍተ ነገሬን ሲያነቡልኝ የት ላይ እንደሚደናቀፉ እሰማለሁ፤ ስህተቱን ከመናገራቸው በፊት አውቀዋለሁ። አሁን ጽሑፌን ጮክ ብዬ ሳላነብ አልልክም።

በእጄ ያሉት ሥራዎች የት እንደደረሱ ትናንት በሌላ መልእክት ልኬያለሁ። ከዓርብ በኋላ በግል ኢሜይሌ ታገኙኛላችሁ፤ አድራሻው ከታች አለ። ባሕር ዳር የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ፤ ቡና አለ።»

«ከፍተኛ» እና «ከልብ» የሚሉት ጠፍተዋል፤ ማንም ያጣቸው አይመስለኝም። አራቱም ሰዎች ራሳቸውን አግኝተውበታል፤ የአንዳቸውም ስም ግን በውዳሴ አልታጀበም። የምትሄድበትን ቀንና ወዴት እንደምትሄድ መጀመሪያ ተናግራለች። ይህን ወደ መጨረሻ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ያኔ አንባቢው ደብዳቤውን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው፤ ታመመች ይሆን፣ ተባረረች ይሆን እያለ። ሌላው ደግሞ ርክክቡ እዚህ ውስጥ አለመግባቱ ነው። የፋይል ቦታና ያላለቀ ሥራ ስንብቱ ውስጥ ሲቀላቀል ሁለቱም ይበላሻሉ፦ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ፋይል የሚፈልግ ሰው ምስጋና መሐል መቆፈር ይኖርበታል፤ ምስጋናውም የሥራ ማስታወሻ ይመስላል። ርክክቡ አንድ ቀን ቀድሞ ለብቻው ይሂድ።

የነታንያዋ እናት በደብዳቤው መነሣታቸው ያስጨንቀው ሰው ይኖር ይሆናል። እዚህ ላይ አያስጨንቅም፤ ምክንያቱም ልጃቸው ራሷ ሁሉም በሚያየው ፋይል ላይ ጽፋዋለች። የሚያስጨንቀው ሌላው ዓይነት ነው። ከቤት የሚሠራ ሰው የባልደረባውን ፊት ባያውቅም በማይክሮፎን በኩል ብዙ ይሰማል፦ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከጎረቤት ጋር ሲጨቃጨቁ፣ በስልክ የሕክምና ውጤት ሲነገር። ከዓመታት በኋላ እነዚህ እንደ ቅርበት ይታዩናል፤ ፍቅራችንን ለማሳየትም ስንብቱ ላይ ልንጠቅሳቸው እንፈልጋለን። ሰውየው ግን እንደሰማነው ላያውቅ ይችላል። ራሱ ለሁሉም የተናገረውን መጥቀስ ይቻላል፤ ማይክሮፎኑ ሳይዘጋ ያመለጠውን ግን እንዳልሰሙ ሆኖ መሄድ ነው።

ከመጀመሪያው ረቂቅ የወጣው የይቅርታ ዓረፍተ ነገር የተለየ ወግ አለው። እኛ ዘንድ ሰው ሲለያይ «ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ሳይሉ መሄድ ለአንዳንዱ ጎደሎ ይመስላል። አዲስ አበባ ያሉት መምህር ቢጠብቁት አይገርምም። ቡድኑ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ አንድ መስመር ቢገባ የሚጎዳው የለም። ቡድኑ የተደባለቀ ሆኖ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ ግን ልማዱን የማያውቅ ሰው ሌላ ነገር ሊያነብበት ይችላል፤ «ምን አድርጋ ነው?» ብሎ አስተባባሪውን የሚጠይቅ አይጠፋም። የእኔ አስተያየት ከሁለቱም ይለያል። «ካለ» የምትለዋ ቃል ማምለጫ ናት። በእርግጥ የተቀያየሙት ሰው ካለ፣ ይቅርታው ለዚያ ሰው ለብቻው ይጻፍ።

ወደዚያ የሚወስደን ከቡድኑ ደብዳቤ በኋላ ለየግለሰቡ የሚላከው አጭር መልእክት ነው። መሸኛ ምሳው ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ የሚባለውን የሚተካው እሱ ነው። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ግን በቡድኑ ደብዳቤ ያልተባለ ነገር መያዝ አለበት፤ ያንኑ ደግሞ ማለት ቅጂ እንደደረሰው ያስቆጥረዋል። ተርጓሚያችን ከአርታኢው ጋር አንድ ያልተዘጋ ነገር ነበራት። እንዲህ ጻፈችለት፦

«አምና የመጽሔቱን መግቢያ ሳትነግረኝ ቀይረህ ወጥቶ ሳየው ተናድጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ‹እሺ› እና ‹ደርሶኛል› ብቻ ነበር የምመልስልህ፤ ሳታስተውለው አትቀርም። ወዲያው ጠይቄህ ቢሆን በአንድ መልእክት ያልቅ ነበር። ይቅርታ። መግቢያው አሁንም የእኔው ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ መጨረሻውን ግን አንተ ነህ ያዳንከው።»

ልብ በሉ፣ አልተለማመጠችም፤ ሐሳቧንም አልለወጠችም። ይቅርታ የጠየቀችው ለኩርፊያዋ ነው። በጽሑፍ ብቻ የሚገናኙ ሰዎች መሐል ኩርፊያ የሚታየው በመልስ ማጠር ብቻ ስለሆነ፣ ያጠረውን መልስ መጥቀሷ ነገሩን በትክክል ይነካዋል።

በአማርኛ ለግለሰብ ሲጻፍ ሌላም ነገር አለ። ለቡድኑ «እናንተ» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ለአንድ ሰው ግን አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይሉ አንድ ግሥ እንኳ አይጻፍም። ሦስት ዓመት የተጠቀማችሁበትን ይዛችሁ ቆዩ። በመጨረሻው ቀን መምህሩን ድንገት «አንተ» ማለት ቅርበት አይሆንም፤ «አንተ» ይሉት የነበረውን አስተባባሪ «እርስዎ» ማለትም የተቀየሙ ያስመስላል። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲጻጻፉት የኖሩት፣ ካሜራውን ከፍቶ የማያውቅ፣ ስሙ ደስታ ወይም ስንታየሁ የሆነ ሰው ያጋጥማል፤ ወንድም ሴትም በዚህ ስም ይጠራሉ። መገመት አያስፈልግም፤ ከመጻፍ በፊት የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ነው።

አሁን መቼ ይላክ ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ጥሩ ስንብት የሚበላሸው በዚህ ነው። ሰው የመጨረሻ ቀኑን እስከ ማታ ጠብቆ ይልክና ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ መልሱ መምጣት የሚጀምረው ኢሜይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ተርጓሚያችን ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ብትልክ ሜሪላንድ ገና ረፋድ ነው፤ አርታኢው ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ ሲጽፍላት እሷ አታየውም። ነታንያ ደግሞ ይብሳል። እስራኤል ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ማታ ሰንበት ይገባል። ያቺ እናት ያለችበትን ደብዳቤ ልጃቸው የምታነበው እሑድ ይሆናል፤ ያኔ የምትመልስበት አድራሻ የለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ባልደረባ ቢኖርም ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀኑ ናቸው።

ስለዚህ ለዚህ ቡድን የሚሻለው ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሜሪላንድ በበጋቸው ወራት ሥራ የሚጀመርበት 9:00 ነው፤ ስቶክሆልም ከሰዓት በኋላ፣ ነታንያ ከኛ ጋር እኩል። ሐሙስ ሙሉ ቀን ለመልስ ይቀራል፤ ዓርብ ለእሷ መልስ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አሜሪካና አውሮፓ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በተለያየ ሳምንት፣ ስለሚቀይሩ ስንብቱ መጋቢት ወይም ጥቅምት አካባቢ ከዋለ ልዩነቱን እንደገና ማየት ነው። ጂሜይል ላይ Schedule send በሚለው ሰዓት መቅጠር ይቻላል፤ ግን አካውንቱ ቀድሞ ከተዘጋ መልእክቱ ላይሄድ ስለሚችል የመጨረሻውን ቀን ለእሱ አደራ መስጠት አይገባም። ከቡድኑ ውጭ ላሉ ብዙ ሰዎች የሚላክ ከሆነ አድራሻዎቹ Bcc ላይ ይግቡ፤ አለዚያ «መልካም ዕድል» የሚለው መልስ ሁሉ ለመቶ ሰው ይደርሳል።

የባልደረቦችን የግል አድራሻም በእነዚሁ ቀናት መጠየቅ ነው። የድርጅቱን የስልክና የኢሜይል ዝርዝር አውርዶ መውሰድ ብዙ ቦታ ከውል ውጭ ነው፤ የታካሚ መረጃ ያለበትን ፋይል ፎቶ አንሥቶ ማስቀረት ደግሞ ለማስታወሻ ተብሎም አይደረግም። የራስን አድራሻ ሰጥቶ፣ የፈለገ እንዲጽፍ መተው ይሻላል። ከአራቱ ሁለቱ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ አይጽፉም። የማይጽፍ ሰው ሁሉ ረስቶ አይደለም፤ ሥራውን ሳያነሡ ምን እንደሚያወሩ ግራ የሚገባው አለ። «ባሕር ዳር የሚመጣ ካለ» የምትለዋ መስመር የምትጠቅመው ለእንዲህ ያለው ነው። ለመጻፍ ምክንያት ትሰጠዋለች፤ ቀጠሮ ግን አታስይዘውም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀኑን አውቆ ለሚለቅ ሰው ነው። በርቀት የሚሠራ ሰው አንዳንዴ ጠዋት ተነሥቶ ኮምፒውተሩ አልከፍት ይለዋል፤ ውሉ መቋረጡን የሚያውቀው በግል ኢሜይሉ በመጣ ደብዳቤ ነው። መዝገቡን መገልበጥ የለም፣ አድራሻ መጠየቅ የለም። ያኔ አድራሻው እጃችሁ ላይ ላለው ለአንድ ባልደረባ፣ በሊንክዲን ወይም በቴሌግራም፣ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል። ሁለት መልእክት ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ለእሱ ብቻ፣ የሆነውንና የተሰማችሁን የምትነግሩበት፤ ሌላው ለሁሉም እንዲያስተላልፈው፣ ስለ አሠሪው አንድም ቃል የሌለበት። ሁለቱን በአንድ ላይ ከጻፋችሁት ባልደረባው ሊያስተላልፈው አይችልም፤ እሱ ገና እዚያ እየሠራ ነው። ከመዝገብ የሚወጣ ዝርዝር ስለማይኖር ለሁሉም የሚሄደው ማጠሩ አይቀርም። ተርጓሚያችን ይህ ቢደርስባት ኖሮ ከሰዓቱ ጉዳይና ከአራቱ ገጾች በቀር የምታስታውሰው ላይኖር ይችላል፤ እነዚያን ጽፋ፣ አድራሻዋን ከሥር አድርጋ ትልካለች።